የማያልቅ አክታ፦ ስለ ብሮንካይክታሲስ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የደረት ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የቀን ሥራዬ ሰው አክታውን ሳይደክም እንዲያወጣ ማስተማር ነው፣ ቀልድ አይደለም። መድኃኒት አላዝም፣ እሱ የሐኪማችሁ ፋንታ ነው። የቀረውን ጠይቁ።

ሄለን፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ቲቢ ይዟት ታክማ ድናለች። አሁን በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን አክታ ታወጣለች፣ በዓመት ሦስት አራቴ ደግሞ ትኩሳት ይዟት ትተኛለች። ቲቢው ተመለሰ ተብሎ ሳይመረመር እንደገና መድኃኒት ተጀመረላት፣ ለውጥ የለም። አሁን ሲቲ ስካን ተነስታ ብሮንካይክታሲስ ነው አሉን። ቲቢው ከሞተ አክታው ከየት ነው የሚመጣው?

ቲቢው ካበላሸው የአየር ቧንቧ ነው። ባክቴሪያው ሞተ፣ የበላው ግድግዳ ግን አልተመለሰም።

ሁላችንም ሳንባችን ውስጥ በየቀኑ ንፍጥ እናመርታለን። ጤነኛ ቧንቧ ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፣ ሳናውቀው እንውጠዋለን። የእናትሽ ቧንቧ ሰፍቷል፣ ግድግዳው ልል ሆኗል፣ ፀጉሮቹም ረግፈዋል። ስለዚህ ንፍጡን የሚገፋው የለም። ሌሊቱን ሲጠራቀም ያድርና ጠዋት ተነስተው ሲንቀሳቀሱ ይወጣል።

በየጊዜው ትኩሳት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ሳይወጣ በቆየ ንፍጥ ውስጥ ጀርም ይራባል። ሰውነት ነጭ የደም ሴሎች ይልክበታል፣ እነሱ ጀርሙን ለመግደል የሚለቁት ኬሚካል ግን የቧንቧውን ግድግዳም ይበላል። ቧንቧው ይብስ ይሰፋል፣ ንፍጡም ይብስ ይከማቻል። ለንደን ይሠራ የነበረ ፒተር ኮል የሚባል ሐኪም በ1986 እ.ኤ.አ. ይህንን እንደ አዙሪት አድርጎ ገለጸው፣ እስከ ዛሬም ሕክምናው የሚታሰበው በዚያ መንገድ ነው። አንቲባዮቲክ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ንፍጡን አያወጣም። ንፍጡ እዚያው ከቀረ ጀርሙ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ቲቢው መድኃኒት፦ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ራጅ ላይ የድሮ ጠባሳ ስለታየና ሰውየው ስላሳለ ብቻ መድኃኒት ማስጀመር ልክ አይደለም። ቲቢ በእርግጥ ሊመለስ ይችላል፣ ስለዚህ አክታው ይመርመር። ግን አንድ ነገር እወቁ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረመል ነው፣ በቅርቡ ታክሞ በጨረሰ ሰው ላይ የሞተውንም አግኝቶ አለ ሊል ይችላል። ሲያጠራጥር በሕይወት መኖሩን የሚያሳየው ካልቸር ነው፣ አክታው ውስጥ ያለውን ጀርም ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት ማለት ነው።

ሰሎሞን፦ እኔም ብሮንካይተስ አለብኝ፣ ሳል ከያዘኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አክታ የማውጣት ትምህርቱ ለኔም ይሆናል?

ሶል፣ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ በሽታ ነው። ብሮንካይተስ ቧንቧው ለጊዜው ተቆጥቶ ሲያብጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። እዚህ የምናወራው ሰፍቶ ስለቀረ ቧንቧ ነው። ያንተን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለቲቢ ይመረመራል። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድና አክታ ስጥ።

ሄለን፦ የሲቲው ውጤት ቀኝ ሳንባ ላይኛውና መካከለኛው ክፍል ይላል። ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ላይኛው መሆኑ ጥሩ ነው። የላይኛው ክፍል ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ በራሱ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ለሱ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። ለመካከለኛው በጀርባቸው ይተኙ፣ ከቀኝ ትከሻቸው እስከ ዳሌያቸው ሥር ትራስ አስገቡላቸውና ሰውነታቸው በትንሹ ወደ ግራ ያዘንብል።

ከምግብ በፊት ይሁን፣ ከበሉም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ። ሳልቡታሞል ኢንሄለር ታዞላቸው ከሆነ ከ15 ደቂቃ በፊት ይውሰዱት፣ ቧንቧውን ይከፍታል።

አሁን አተነፋፈሱ። መጀመሪያ ትከሻቸውን ጥለው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዝግ ብለው ይተንፍሱ። ከዚያ በአፍንጫቸው በጥልቅ ወደ ውስጥ ይሳቡና ሦስት እስኪቆጥሩ ይያዙት፣ ሳይገፉ ይልቀቁት። ይህን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከዚያ አይበልጥም። መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። አየሩ በጎን ባሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ዞሮ ከንፍጡ ጀርባ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከጀርባው አየር የሌለው ንፍጥ ደግሞ አይገፋም። እንደገና ዝግ ያለ አተነፋፈስ።

ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል። አፋቸውን ክብ አድርገው ከፍተው፣ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው “ሃህ” ብለው ያውጡት። ሆድ ይሠራል፣ ጉሮሮ ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል። አንድ ሁለቴ በመካከለኛ ትንፋሽ ረዘም አድርገው፣ ይህ ከታች ያለውን ያነሳዋል። አክታው ወደ ላይ ሲደርስ ሲያንኳኳ ይሰማቸዋል፣ ያኔ ሙሉ ትንፋሽ ስበው አጠር ያለ ጠንካራ “ሃህ” ይበሉ፣ ይወጣል።

“ታዲያ ለምን ዝም ብለው አያስሉም?” ትይኝ ይሆናል። ልል የሆነ ቧንቧ ኃይለኛ ሳል ሲመጣበት ይጣበቃል፣ ንፍጡም ከበስተኋላ ይቀራል። ስለዚህ ነው ሲያስሉ ውለው ደክሟቸው ጠብ የማይለው።

ዙሩን እየደጋገሙ ሁለት “ሃህ” ደረቅ ሆኖ እስኪሰማ ይቀጥሉ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከደከማቸው ቀደም ብለው ያቁሙ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ ራቅ አድርገው።

ጋሽ በቀለ፦ እኔ በወጣትነቴ የተማርኩት ከአልጋ ጫፍ ጭንቅላት ቁልቁል ተዘቅዝቆ ጀርባን በእጅ መምታት ነው። ይሄ ሁሉ “ሃህ” ምንድን ነው? የኔው ይሠራል።

ጋሼ፣ የስበቱን ነገር ልክ ነዎት። በሽታው ታችኛው የሳንባ ክፍል ላይ ለሆነ ሰው መዘቅዘቅ ያፈስሳል። ዛሬ የቀነስነው የሆድ አሲድ ወደ ላይ ስለሚመልስ፣ ትንፋሽ ስለሚያሳጥርና ደም ግፊት ላለበት ስለማይመች ነው። የታመመውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ባልተዘቀዘቀ አልጋ በጎን መተኛት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። መምታቱ ደግሞ አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ላይ ያስፈራኛል፣ ሌላ ሰውም ይፈልጋል።

ጋሽ በቀለ፦ እኔ አሲድ የለብኝም፣ ግፊትም የለብኝም። አልተውም።

ካልተመለሰብዎትና ትንፋሽ ካላጠረዎት አልከራከርዎትም። ከመዘቅዘቁ ላይ “ሃህ”ዋን ግን ጨምሩባት።

ቤቲ ከቨርጂኒያ፦ ሐኪሜ ሲነፉት የሚንቀጠቀጥ አካፔላ የሚባል ዕቃ ሰጠኝ፣ ደስ ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ይሄው በሽታ አለበት። የኔን ልላክለት?

የተጠቀምሽበትን አትላኪ፣ ጀርምሽንም ይወስዳል። አዲስ ከገዛሽለት ጥሩ ነው። ካልሆነ በቤት የሚሠራ አለ፣ እኛም ለልጆች የምንጠቀምበት ነው። አንድ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ይጨምር። የትንሽ ጣት ውፍረት ያላት ንጹህ የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ታች ያስገባ፣ የጠርሙሱ አፍ ክፍት ይሁን። በቱቦው ረዘም አድርጎ ይንፋ፣ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የውሃው ክብደት ቧንቧው እንዳይጣበቅ ደግፎ ይይዘዋል፣ አረፋው ያንቀጠቅጠዋል። ስድስት ያህል ከነፋ በኋላ “ሃህ”። በቱቦው ወደ ውስጥ መሳብ ክልክል ነው፣ ውሃውም በየቀኑ ይቀየር። ሳንባው አየር አፍስሶ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ደም ከተፋ ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ትዕግስት፦ የኔ አክታ ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ባየሁት ቁጥር ፋርማሲ ሄጄ አንቲባዮቲክ እገዛለሁ። ጓደኛዬን ደግሞ አዚትሮማይሲን በሳምንት ሦስት ቀን ለወራት ውሰጂ ብለዋት እየወሰደች ነው፣ እኔስ ልጀምር?

በቃሽ፣ አትግዢ። ለብዙ የዚህ በሽታ ሰዎች ቢጫ የዘወትር ቀለማቸው ነው። የምትፈልጊው ለውጥን ነው። መጠኑ ጨመረ፣ ወፈረ፣ ከወትሮው ጠቆረ ወይም አረንጓዴ ሆነ፣ ትንፋሽ አጠረሽ፣ ሰውነትሽ ዛለ። ከነዚህ ሦስቱና ከዚያ በላይ ተደርበው ሁለት ቀን ካለፋቸው ኢንፌክሽን ነው። ያኔ የመጀመሪያውን ክኒን ሳትውጪ አክታ ለካልቸር ስጪ። ሱዶሞናስ የሚባለው ጀርም ከተገኘ የተለመደው አሞክሳሲሊን አይነካውም። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻልሽ አታቋርጪ።

የጓደኛሽ አዚትሮ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚያገረሽባቸው ሰዎች ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት ግን አክታው ለቲቢና ለቲቢ ዘመዶች መመርመር አለበት። ከዘመዶቹ አንዱ ተደብቆ ካለ ብቻውን የተሰጠ አዚትሮ ያለማምደዋል። የልብ ምትና ጆሮም ይታያል። አንቺ ስንቴ እንደሚያገረሽብሽ እንኳ አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ ልመልስልሽ አልችልም።

አበባ፦ አብሽ በማር፣ ዝንጅብል፣ የሳል ሽሮፕስ?

ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ጠጪ፣ ንፍጥ የሚያወጣውን አተነፋፈስ ግን አይተካም። ሳል የሚያቆም ሽሮፕ ተዪው፣ መውጣት ያለበትን ነገር ውስጥ ያስቀርብሻል። ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ጭሱ ነው። ከሰልና እጣን ሳሎን ውስጥ ተዘግቶ የሚጨስበት ቡና ቢቀርብሽ በር ላይ ተቀመጪ። አኩርፋለች ቢሉሽም ግድ የለም።

ዮናስ፦ አንዳንዴ አክታዬ ላይ የደም ክር አያለሁ። ልፍራ?

ክር ብቻ ከሆነና ከኢንፌክሽን ጋር ከመጣ በዚያው ሰሞን ለሐኪምህ ንገር። ንጹህ ደም በማንኪያ የሚለካ ከሆነ ግን “ሃህ”ም መንፋትም አቁምና ወዲያው ሆስፒታል ሂድ። የሚደማው ጎን ከታወቀ እሱን ወደ ታች አድርገህ ተኛ፣ ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይፈስ። ከድሮ ቲቢ የመጣ የላይኛው ክፍል ብሮንካይክታሲስ አክታው ትንሽ ሆኖ መድማት የሚያበዛበት ጊዜ አለ፣ ደረቅ ነው ብለህ አትናቀው።

ሄለን፦ ዛሬ ሞከርን። እናቴ አዞራት፣ አክታውም የወጣው ከጨረስን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ተሳስተናል?

ያዞራቸው ጥልቅ ትንፋሽ ስላበዙ ነው። ሦስት ብቻ፣ በየመሃሉ ዝግ ያለውን አተነፋፈስ ያርዝሙት። ዘግይቶ መውጣቱ ችግር የለውም፣ ከታች ተነስቶ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። የሚወጣውን በአንድ ስኒ እየለካችሁ ቀለሙንና መጠኑን ማታ ማታ ጻፉት። መጀመሪያ ሰሞን ከወትሮው ቢበዛ አትደንግጡ። መሥራቱን የምታውቁት በዛሬው ስኒ አይደለም፣ በዓመት አራቴ የነበረው ትኩሳት ሁለቴ ሲሆን ነው።