«ኪሳራ አሳየ» እና «ከሰረ» አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የአንደኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ስለ ጎይንግ ኮንሰርንና ስለ ፕሩደንስ የምሰጠውን ትምህርት በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «የቀጣይነት መርህ» እና «የጥንቃቄ መርህ» ብያቸዋለሁ። ግን ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው የመጀመሪያውን «ድርጅቱ አይከስርም ማለት ነው»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ትርፍን ቀነስ አድርጎ መጻፍ ነው» ይሉኛል። ጥፋቱ የስያሜው ነው ወይስ የአገላለጼ?

መልስ፦ ስያሜዎቹ ደህና ናቸው፣ አይቀይሯቸው። ችግሩ ያለው ስያሜዎቹን ተከትለው በሚመጡት ግሦች ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ደግሞ «ኪሳራ» ነው።

አማርኛ በዚህ ቃል ሁለት ሥራ ያሠራል። ነጋዴው «ዘንድሮ ከሰርኩ» ሲል ወጪዬ ከገቢዬ በለጠ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ «እገሌ ከሰረ» ሲል ግን ሱቁ ተዘጋ፣ ዕዳ በላው ማለቱ ነው። ተማሪው ይህን ድርብ ትርጉም ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። እርስዎ በመጀመሪያው ትርጉም «ድርጅቱ ኪሳራ ቢያሳይም ቀጣይነቱ አይነካም» ሲሉት፣ እሱ በሁለተኛው ትርጉም ይሰማዎታል። ስለዚህ ጽሑፍዎ ውስጥ ሁለቱን ይለዩአቸው። የዓመቱን ውጤት «ኪሳራ አሳየ» ወይም «ኪሳራ መዘገበ» ይበሉት። ድርጅቱ የሚያበቃበትን ነገር ደግሞ «ፈረሰ»፣ «ሥራ አቆመ»፣ «ሒሳቡ ተጣራ» ይበሉ። መፍረስና ሒሳብ ማጣራት ሕጉም የሚጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። «ከሰረ» የሚለውን ባዶውን ግሥ ከጽሑፉ ቢያወጡት ምንም አይጎድልብዎትም።

ቀጥሎ «ይቀጥላል» አለ። «ድርጅቱ ሥራውን ይቀጥላል» ብለው ከጻፉ የተነበዩ ይመስላል፤ ተማሪውም እንደ ዋስትና ይይዘዋል። ጎይንግ ኮንሰርን ግን ሒሳቡ የሚሠራበት ታሳቢ ነው። «ድርጅቱ ሥራውን እንደሚቀጥል ታሳቢ ተደርጎ ሒሳቡ ተዘጋጀ» ሲሉ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሒሳቡ አዘገጃጀት ይናገራል፤ ስለ ነገ ቃል አይገባም። ታሳቢ ደግሞ ሊፈርስ የሚችል ነገር መሆኑን ተማሪው ያውቃል።

ይህ በቁጥር ካልታየ ግን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ባዶ ወሬ ነው። እኔ ብሆን ትምህርቱን እንዲህ እጀምረው ነበር፦

«አንድ የብሎኬት ማምረቻ አለ እንበል። ከአራት ዓመት በፊት ማሽን በ600,000 ብር ገዛ። ማሽኑ 10 ዓመት ይሠራል ተብሎ በየዓመቱ 60,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ዛሬ መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ 360,000 ብር ነው። ሰሞኑን አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ መጥቶ ‹200,000 ብር እሰጣችኋለሁ› አለ። መዝገቡ ላይ የትኛው ይጻፍ?»

እዚህ ላይ ተማሪዎቹን ያከራክሯቸው። አብዛኛው «200,000» እንደሚል እገምታለሁ፤ ገበያ ላይ የሚያወጣው እሱ ነዋ። መልሱ ግን 360,000 ነው። ማምረቻው ማሽኑን ሊሠራበት እንጂ ሊሸጠው አላሰበም። በቀሩት ስድስት ዓመታት ተሠርቶበት ከ360,000 ብር የማያንስ ጥቅም የሚያስገኝ እስከሆነ ድረስ፣ የአሮጌ ዕቃ ገዢው ዋጋ መዝገቡን አይመለከተውም። ያንን ቁጥር እዚያ ላይ ያቆመው የቀጣይነት ታሳቢ ነው። ባለቤቶቹ ማምረቻውን ለመዝጋት ከወሰኑ፣ ወይም ከመዝጋት ሌላ ተጨባጭ አማራጭ ከሌላቸው፣ ታሳቢው ይወድቃል። ያኔ የአሮጌ ዕቃ ገዢው 200,000 ብር ዋና ቁጥር ይሆናል። የሠራተኛ ስንብት ክፍያም ይመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከፈል የነበረው ብድርም ቶሎ ሊጠየቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው ትርጉሙን የሚሰጡት። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 1 እንደሚለው፣ ቀጣይነቱን የሚገመግመው የድርጅቱ አመራር ነው። ሲገመግምም ወደፊት የሚያየው ጊዜ ከሒሳብ ዓመቱ መዝጊያ ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር መሆን አለበት። «ቢያንስ» የሚለውን ቃል አይዝለሉት። በ14ኛው ወር ትልቅ ብድር እንደሚከፈል የሚያውቅ አመራር፣ «12 ወሩን አልፌያለሁ» ብሎ ዝም ማለት አይችልም።

ተማሪዎች ሁለት ሁኔታ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል፤ ይቀጥላል ወይም አይቀጥልም። መካከለኛው ግን በተግባር ከሁሉም ይበልጥ ያነጋግራል። ማምረቻው ለሲሚንቶ አቅራቢው መክፈል አቅቶታል፤ የባንክ ብድሩም ተጓትቷል፤ ዋናው ደንበኛው ሄዷል። ግን አዲስ ብድር እየተደራደረ ነው። ሒሳቡ አሁንም በቀጣይነት ታሳቢ ይዘጋጃል። ሆኖም «ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል በመቻሉ ላይ ጉልህ ጥርጣሬ ሊያሳድር የሚችል ሁኔታ አለ» ተብሎ ከነምክንያቱ በማብራሪያው ውስጥ ይገለጻል። እዚህ «ጉልህ ጥርጣሬ» ይበሉ። «ስጋት» አይበሉ፤ ስጋት የሰው ስሜት ይመስላል፤ ጥርጣሬው ግን ከማስረጃ የሚነሳ ነው።

ወደ ጥንቃቄ እንምጣ። ተማሪዎችዎ «ትርፍን ቀነስ ማድረግ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛችን ስለ ጥንቃቄ ስናወራ ቶሎ «ለክፉ ቀን ማስቀመጥ» ወደሚለው ይወስደናል። ይህ አባባል ለቤተሰብ ኑሮ ወርቅ ነው፣ ለሒሳብ ግን መርዝ። ቀረብ የሚለው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ገና ያልታለበ ወተት አይመዘገብም። ይህንንም በቁጥር ያሳዩአቸው፦

«ማምረቻው 10,000 ብሎኬት አለው። እያንዳንዱን ለማምረት 22 ብር ወጥቷል፤ ድምሩ 220,000 ብር ነው። የገበያው ዋጋ ወደ 20 ብር ወረደ። ለማጓጓዣም 1 ብር ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ብሎኬት የሚገኘው የተጣራ 19 ብር፣ በጠቅላላው 190,000 ብር ነው። የ30,000 ብሩ ኪሳራ ብሎኬቱ እስኪሸጥ አይጠበቅም፤ ዛሬ ይመዘገባል። ዋጋው ወደ 30 ብር ቢወጣ ኖሮስ? መዝገቡ 22 ላይ ይቆያል። ትርፉ ሲሸጥ ይመጣል።»

ለኪሳራው «ዛሬ ይመዘገባል»፣ ለትርፉ ደግሞ «ሲሸጥ ይመጣል» ማለቴን ልብ ይበሉ። የመርሁን ጠባይ የሚያሳየው ይህ አለመመጣጠን ነው።

አሁን አማርኛ ራሱ ወደሚያግዝዎት ቦታ ደረስን። ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። የክስ ጉዳዮች መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት እንደ ዕድላቸው ደረጃ ነው፤ ደንቡ ያለው በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 37 ነው። አማርኛም ለእነዚህ ደረጃዎች የተለያየ የግሥ አሠራር አለው። «ድርጅቱ ሊከፍል ይችላል» ሲባል ዕድሉ አለ ማለት ነው። «ሳይከፍል አይቀርም» ሲባል የመክፈሉ ዕድል ካለመክፈሉ ይበልጣል። «መክፈሉ አይቀርም» ሲባል የማያጠራጥር ሆኗል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የሒሳብ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሳዩአቸው።

አንድ የብሎኬት ገዢ ማምረቻውን 100,000 ብር ካሳ ከሰሰ እንበል። ጠበቃው «ሊፈረድብን ይችላል» ካለ፣ ነገሩ በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም። «ሳይፈረድብን አይቀርም» ካለ፣ የሚከፈለው ገንዘብ በተሻለው ግምት ተሰልቶ ዛሬውኑ በዕዳነት ይያዛል። አሁን ይገልብጡት። ማምረቻው ራሱ ሲሚንቶ አቅራቢውን በ100,000 ብር ከሰሰ። ጠበቃው «ሳይፈረድልን አይቀርም» አለ። ይመዘገባል? አይመዘገብም። በማብራሪያ ብቻ ይገለጻል። ወደ መዝገብ የሚገባው «መፈረዱ አይቀርም» የሚባልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። አንድ ዓይነት ግሥ፣ አንድ ዓይነት ገንዘብ፤ ዕዳ ሲሆን ይገባል፣ ሀብት ሲሆን ይጠብቃል። ተማሪው ይህን ከያዘ ጥንቃቄ ገብቶታል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ሊከፍል ይችላል» ሁለት ፊት አለው፤ የመክፈል አቅም አለው ማለትም ይሆናል። በጽሑፍዎ ውስጥ «ምናልባት ሊከፍል ይችላል» ቢሉ ይጠራል። «ሳንከፍል አንቀርም» ብለው በአንደኛ መደብ ከተናገሩት ደግሞ ቁርጠኝነት ይመስላል። በሦስተኛ መደብ ይጻፉት።

«ለክፉ ቀን» ያልኩትን መርዝ ሳያሳዩአቸው ግን ትምህርቱን አይጨርሱ። ባለቤቱ ለዚያው የ100,000 ብር ክስ «እንጠንቀቅ» ብሎ 300,000 ብር ዕዳ ያዘ። የዘንድሮ ትርፍ በ200,000 ብር ያለ አግባብ አነሰ። በሚቀጥለው ዓመት ክሱ በ100,000 ብር አለቀ። ከሚገባው በላይ የተያዘው 200,000 ብር ተመልሶ ወደ ትርፍ ገባ፤ ደካማው ዓመት የደለበ መሰለ። ባንኩም ባለአክሲዮኑም ተታለሉ። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃዎች ማዕቀፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ጥንቃቄ የሚለውን ቃል እስከ ማውጣት የደረሰው ገለልተኝነትን ይጋፋል በሚል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. መለሰው፤ ሲመልሰው ግን እርግጠኛ ባልሆነ ሁኔታ ውስጥ ሲወስኑ መጠንቀቅ ብሎ ነው። ሀብትና ገቢ አይጋነን፤ አይቀነስም። ዕዳና ወጪ አይደበቅ፤ አይጋነንም። በአማርኛ «ጥንቃቄ» ስንል ሚዛን ያለበት ጥንቃቄ እንጂ ቁጠባ አይደለም ብለው ይጻፉት።

ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማገናኘት ከፈለጉ፣ የክሱን መጠን ይቀይሩት። የገዢው ክስ 100,000 መሆኑ ቀርቶ 2,000,000 ብር ይሁን፤ የማምረቻው የባለቤት ድርሻ፣ ማለትም ከሀብቱ ላይ ዕዳው ሲቀነስ የሚቀረው፣ ደግሞ 700,000 ብር። ጠበቃው «ሳይፈረድብን አይቀርም» ካለ፣ ጥንቃቄ ዕዳውን መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዕዳው ሀብቱን በልጧል። አሁን አመራሩ ወደ ቀጣይነት ታሳቢው መመለስ አለበት፤ ክፍያውን በየጊዜው ለመክፈል መስማማት ይቻላል ወይ፣ ባለቤቶቹ ተጨማሪ ካፒታል ያስገባሉ ወይ፣ ከሒሳብ ዓመቱ መዝጊያ ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር የሚያቆየው ጥሬ ገንዘብ አለ ወይ። ተማሪዎችዎ እዚህ ጋ «ኪሳራ አሳየ» እንጂ «ፈረሰ» እንዳይሉ ይከታተሏቸው። ገና አልፈረሰም።