ፊርማችሁ የት ድረስ ይደርሳል?

ልጆቼ፣

ቤቴ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ በሰፈራችን በኩል ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንት ማታ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ የጥገና ላይሰንስ ካወጣሁ የዚህን ሁሉ ሥራ መፈረም እችላለሁ ማለት ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። ማስረዳት ስጀምር ግን ነገሩ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አልሆነም። ይህን የሚጠይቁኝ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ፊርማው ምን እንደሆነ እንግባባ። አውሮፕላን ላይ ሥራ ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ሰው መዝገቡ ላይ ይፈርማል። «ይህ ሥራ በማኑዋሉ መሠረት ተሠርቷል፣ አውሮፕላኑ መብረር ይችላል» ማለቱ ነው። እኛ ሪሊዝ እንለዋለን። እሱ ሳይፈረም አውሮፕላኑ አይነሳም። ላይሰንስ የሚባለው ነገር በሙሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን፣ የትኛውን ሥራ ይፈርማል?

በአገራችን ላይሰንሱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ዓለም አቀፉ ድርጅት፣ ማለትም አይካኦ፣ ለሁሉም አገር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ አለ። መላውን አውሮፕላን ለሚመለከት ላይሰንስ ዕድሜ ቢያንስ 18 ዓመት፣ ልምድ ቢያንስ 4 ዓመት ይጠይቃል። እውቅና ያለው ሥልጠና የጨረሰ ሰው ልምዱ 2 ዓመት ይበቃዋል። እናንተ በየቦታው የምትሰሟቸው ኤ፣ ቢ1፣ ቢ2 እና ሲ የሚባሉት ምድቦች ግን ፓርት 66 ከሚባለው የአውሮፓ ደንብ የመጡ ናቸው። እንደ ኤምሬትስ ያሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በእነዚሁ ስሞች ይጠቀማሉ። እኔም የሠራሁት እዚያ ስለሆነ ከዚህ በታች የምነግራችሁ በዚያ ሥርዓት ነው። የአንዱ አገር ላይሰንስ በሌላው አገር እንዲሁ በራሱ እንደማይሠራ ግን ከአሁኑ እወቁት።

መንገዱ ረጅም ነው። የጄት አውሮፕላን ቢ1 ለመያዝ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት 2400 ሰዓት ትማራላችሁ። ከዚያ በሥራ ላይ ባሉ አውሮፕላኖች 2 ዓመት ትሠራላችሁ። ያለ ትምህርት ቤት በራሳችሁ ከተጓዛችሁ ልምዱ 5 ዓመት ይሆናል። ፈተናው በሞጁል የተከፋፈለ ነው። ማለፊያው 75 ከመቶ ነው፤ 74 ወድቋል። ያለፋችሁበት ፈተናም ከ10 ዓመት በላይ አይቆይላችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። የሠራችሁትን ሥራ በዕለቱ መዝግቡ። ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን መለያ፣ የሥራውን ቁጥር ጻፉና አብሯችሁ የሠራው ባለፈቃድ በዚያው ቀን ይፈርምላችሁ። አንድ ባልደረባዬ የሁለት ዓመት ሥራውን «በኋላ አስፈርማለሁ» ብሎ አቆየው። በኋላ ከፈራሚዎቹ ግማሾቹ አገር ለቀው ነበር። የሠራው ሥራ እውነት ነበር፤ የሚመሰክርለት ግን አጣ።

ላይሰንሱ ተገኘ እንበል። ገና አልፈረማችሁም። በቢ1 ትልልቅ አውሮፕላን ላይ ለመፈረም ታይፕ ያስፈልጋል፤ ማለትም ለምሳሌ 737ን ለይታችሁ ተምራችሁ፣ ተፈትናችሁ፣ ላይሰንሳችሁ ላይ መጻፍ አለበት። በምድባችሁ የመጀመሪያው ታይፕ ከሆነ ደግሞ በሥራ ላይ የሚሰጥ ልምምድ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ የምትሠሩበት የጥገና ድርጅት የራሱን የመፈረሚያ ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ ለዚህ ዕድሜያችሁ 21 መሙላት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፊርማችሁ ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው የጎረቤቴን ልጅ «አይደለም» ያልኩት።

አሁን ወደ ምድቦቹ ልምጣ። ኤ ያለው ሰው በላይን ጥገና፣ ማለትም በበረራዎች መካከል በሚደረገው ጥገና፣ ላይ የተወሰኑ ቀላል ሥራዎችን ይፈርማል። ጎማ መቀየር፣ የፍሬን ዩኒት መቀየር፣ መብራት መቀየር፣ ዘይት መሙላት ዓይነት ነው። ትልቁ ገደቡ ሌላ ነው፤ የሚፈርመው ራሱ በእጁ የሠራውን ብቻ ነው። ጓደኛው ለቀየረው ጎማ አይፈርምም።

ሲ ያለው ሰው የሚፈርመው ሃንጋር ገብቶ ትልቅ ጥገና ለተደረገለት አውሮፕላን ነው፤ ለአውሮፕላኑ በጠቅላላ አንድ ሪሊዝ። እያንዳንዱን ሥራ የሚያረጋግጡት ግን ከሥሩ ያሉት ቢ1 እና ቢ2ዎች ናቸው። እዚህ ለመድረስ ዓመታት ስለሚቀሯችሁ አሁን አታስቡበት።

ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት ቢ1 እና ቢ2 ላይ ነው። «ቢ1 ሜካኒክ ነው፣ ቢ2 ኤሌክትሪክ ነው» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ቢ1 የአውሮፕላኑን አካል፣ ሞተሩን፣ ሜካኒካል ሲስተሞቹን፣ ኤሌክትሪኩንም ይፈርማል። ጄኔሬተር ለቢ1 ክፍት ነው። ቢ2 ደግሞ አቪዮኒክሱንና ኤሌክትሪኩን ይይዛል፦ ሬዲዮ፣ ራዳር፣ አውቶፓይለት፣ የበረራ መሣሪያዎች። አንዱ ከሌላው አይበልጥም።

ድንበሩ የሚያስቸግረው ቢ1 ያለው ሰው አቪዮኒክስ ሲነካ ነው። ደንቡ ይፈቅድለታል፤ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። ሲስተሙ መሥራቱ በቀላል ቴስት ብቻ የሚረጋገጥ መሆን አለበት። የብልሽቱን መነሻ ፍለጋ፣ ማለትም ትራብልሹቲንግ፣ ደግሞ መኖር የለበትም። «ቀላል» የሚለው ቃል ለስሜት የተተወ አይደለም። ቴስቱ በማኑዋል የተጻፈ፣ ከ10 እርምጃ ያልበለጠ ነው። መልሱ አንድ ነው፤ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል፣ ወይም አንድ ቁጥር በተሰጠው ክልል ውስጥ ይገባል። መተርጎም ወይም ሁለት የተያያዙ ቁጥሮችን ማመዛዘን ካስፈለገ ቀላል መሆኑ ቀረ።

ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ቢ1 ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ድርጅቱን አልጠራም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ 737 ገባ። ካፒቴኑ «ሁለተኛው ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከሩቅ አይሰማም» ብሎ ጽፏል። አውሮፕላኑ የሚነሳው ንጋት 12 ሰዓት ነው። በፈረቃው ቢ2 የለም፤ ከቤት መጥራት ያስፈልጋል። እኔ ወለሉ ሥር ካለው የመሣሪያ ክፍል ገብቼ የሬዲዮውን ሳጥን በአዲስ ቀየርኩት። የራሱን የውስጥ ቴስት አስነሳሁ፤ አለፈ። ታወሩን ጠራሁ፤ «ጥርት ብሎ ይሰማል» አሉኝ። ፈረምኩ።

ቁጥሩን ከቆጠራችሁት ሁሉም ትክክል ይመስላል። እርምጃዎቹ ከ10 በታች ናቸው፣ መልሱም አልፏል። ግን መዝገቡን ወደ ኋላ ስገልጥ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ያው ሳጥን ከአራት ቀን በፊት ለዚያው ቅሬታ ተቀይሯል። ሳጥኑ በአራት ቀን ሁለት ጊዜ አይሞትም። ጥያቄው «ሳጥኑ ይሠራል ወይ?» የሚል አልነበረም። «ለምን ይደክማል?» የሚል ነበር። ይህ ትራብልሹቲንግ ነው፤ የእኔ ፊርማ አይደርስበትም። ታወሩም ቢሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። በዚያ ርቀት የደከመ ሬዲዮም ጥርት ብሎ ይሰማል።

በማግስቱ ማታ አውሮፕላኑ ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ተመለሰ። አብራሪዎቹ በሌላው ሬዲዮ ሠርተው መጥተዋል። ያን ቀን ፈረቃው ላይ አንዲት ቢ2 ነበረች። ሳጥኑን አልነካችውም። የኃይል መለኪያዋን ከአንቴናው መስመር ጋር አገናኘችና በሬዲዮው አስተላለፈች። ወደ አንቴናው የሚሄደው 20 ዋት፣ ከአንቴናው ተንጸባርቆ የሚመለሰው 5 ዋት። አንድ አራተኛው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አመዛዝና ምጣኔውን አወጣች፤ 3 ለ 1። «ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ መንገዱ ነው የታመመው» አለችኝ። ልብ አድርጉ፣ ይህ ቴስት ሁለት ቁጥር ያመዛዝናል። ስለዚህ መለኪያው እጄ ላይ ቢኖር እንኳ በእኔ ፊርማ አይዘጋም።

ከሆዱ ሥር ያለውን አንቴና ፈታችው። የገመዱ ማገናኛ ውስጥ ውኃ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ሠርቷል። ማገናኛውን ቀየረች፣ አንቴናውን በአዲስ ማሸጊያ መለሰች፣ እንደገና ለካች።

እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነበር። ቢ2 ከቤት መጥራት። ካልተገኘ ኤም ኢ ኤል የሚባለውን መጽሐፍ ከፍቼ፣ አውሮፕላኑ ያንን ሬዲዮ ሳይይዝ በምን ቅድመ ሁኔታ መብረር እንደሚችል ማየት። ሁለቱም ሰዓት ይበሉ ነበር፤ ሰዓቱ ነው ያስፈራኝ። አለቃዬ በኋላ ጠርቶ መዝገቡን ከፊቴ ገለጠና የአራት ቀኑን ገጽ በጣቱ አሳየኝ። ምንም አልተናገረም። ዛሬም ያ ጣት ይታየኛል።

ከዚያ ወዲህ አቪዮኒክስ ከመንካቴ በፊት ራሴን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ይህ ቅሬታ ከዚህ በፊት ተጽፏል? ማኑዋሉ ወደ ሽቦ ሥዕል እየመራኝ ነው? መልሱ ሁለት ቁጥር እንዳመዛዝን ያደርገኛል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ።

የዚያን ሁለተኛ ሌሊት ገጽ አስታውሳለሁ። በላይኛው መስመር «የአንቴና ማገናኛ ተቀይሯል፣ የሚመለሰው ኃይል ከ1 ዋት በታች» ይላል፤ ፊርማው የእሷ ነው። ከሥሩ የግራ ጎማ መቀየሩ ተጽፏል። እኔ የፈረምኩት እሱን ነው።