«የዕድር አባል ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም

«የማስተርስ ጥናቴ ማኅበራዊ ካፒታል በጉሊት ነጋዴ ሴቶች ገቢ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። አማካሪዬ ‹በምን ትለኪዋለሽ?› ብሎ መለሰብኝ። እኔ የጻፍኩት የዕድርና የዕቁብ አባልነት፣ በሰው መተማመን፣ ያገኙት ብድር የሚል ነበር። መጠይቁ ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ? የሠራችሁበት እርዱኝ።»

እህቴ፣ ማኅበራዊ ካፒታል ማለት ሰው በሚያውቃቸው ሰዎች በኩል ሊያገኘው የሚችለው እገዛ ነው። ከዘረዘርሻቸው ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጥናትሽን የሚጥለው እሱ ነው። «ያገኙት ብድር» የሚለውን አውጪው። ብድር የምታገኘው ብዙ ጊዜ ገቢዋ ደህና የሆነች ሴት ናት፤ አበዳሪም የሚያየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ገቢን በገቢ እየለካሽ «ማኅበራዊ ካፒታል ገቢ ይጨምራል» የሚል ውጤት ይወጣልሻል። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ አሌሃንድሮ ፖርተስ በ1998 የዚህን ዘርፍ ጥናቶች አጥብቆ የተቸው በዚህ ነው፤ ሀብቱንና ሀብቱ የሚያስገኘውን ነገር ያምታታሉ ብሎ።

መጠየቅ ያለብሽ ያገኘችውን ሳይሆን ብትፈልግ ማግኘት የምትችለውን ነው። ቫን ደር ጋግና ስናይደርስ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2005 ያቀረቡት ዘዴ አለ፤ ሪሶርስ ጄኔሬተር ይባላል። ለኑሮ የሚያስፈልጉ ነገሮች ይዘረዘሩና ለእያንዳንዱ «ይህን የሚያደርግልሽ ሰው ታውቂያለሽ?» ይባላል። የእነሱን ዝርዝር ግን እንዳለ አትውሰጂ፤ የኔዘርላንድስ ኑሮ ነው። ጉሊት ሂጂና ጥቂት ሴቶችን «ባለፈው ወር ሥራሽ ላይ ሲቸግርሽ ማን ጋ ሄድሽ?» ብለሽ ጠይቂ። ዝርዝሩ ከእነሱ አፍ ይወጣል። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ታገኛለሽ፦

– ገንዘብ ሳትይዢ ብትሄጂ ሽንኩርት በዱቤ የሚሰጥሽ አከፋፋይ አለ?
– ስትታመሚ ቦታሽን የሚጠብቅልሽ አለ?
– የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልሽ ዋስ የሚሆንሽ አለ?
– ወረዳ ጉዳይ ቢኖርሽ ገብተሽ የምታናግሪው ሠራተኛ አለ?

«አዎ» ካለች ያ ሰው ምኗ እንደሆነ ጠይቂ፦ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወይስ ባለሥልጣን? መጻሕፍቱ ውስጥ ቦንዲንግ፣ ብሪጂንግና ሊንኪንግ እያልሽ የምታነቢው፣ ማለትም ከቅርብ ሰው፣ ከሌላ ዓይነት ሰውና ከባለሥልጣን ጋር ያለው ትስስር ክፍፍል፣ ከዚህች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይወጣል። ለብቻው ሌላ ክፍል አያስፈልገውም።

ወደ ዕድር ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ከተማ ውስጥ ዕድር የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ከመቶ ሴቶች ዘጠና አምስቱ «አባል ነኝ» ካሉ ያ ጥያቄ የገቢ ልዩነትን ሊያስረዳ አይችልም፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነዋ። ፓይለት፣ ማለትም መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ላይ ስትሞክሪ፣ መጀመሪያ የምታዪው ይህን ነው። መልሱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጥያቄውን ለውጪው፦ ስብሰባ ትገኛለች ወይ፣ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆና ታውቃለች ወይ፣ ዕድሩ ውስጥ ከእሷ የተለየ ሥራ ያለው የምታማክረው ሰው አለ ወይ። የዕቁብ ነገር ደግሞ የሚጣለውን ብር አትጠይቂ። ብሩ ራሱ የገቢ ልክ ስለሆነ እንደ ብድሩ መልሶ ያዞርሻል።

«አብዛኛው ሰው ይታመናል?» የሚለው ዓለም አቀፍ ጥያቄም ያስቸግራል። አንዷ ስትመልስ ጎረቤቷን ታስባለች፣ ሌላዋ መንገድ ላይ የምታልፈውን ሁሉ። መልሳቸው አንድ ቢሆንም የተናገሩት ስለ ተለያየ ሰው ነው። ሰውየውንና ድርጊቱን ስጪያቸው፦ «ልጅሽ ድንገት ቢታመም፣ ዕቃሽንና የሸጥሽበትን ገንዘብ ለጎንሽ ነጋዴ ትተሽ ትሄጃለሽ?» ይህንኑ ስለ አከፋፋዩ፣ ቀጥሎም ስለማታውቀው ገዢ በሚስማማ ድርጊት ድገሚው። በፓይለቱ ጊዜ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ይህን ስትመልሺ ማን ትዝ አለሽ?» በያት። ያላሰብሽው ሰው ከተጠራ ጥያቄው ይስተካከላል።

ሁሉንም ደምረሽ አንድ ነጥብ እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። የመተማመን ጥያቄዎቹ አንድ ስሜት ስለሚለኩ ለእነሱ ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማውጣት ተገቢ ነው። የሀብት ዝርዝሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ወረዳ ሰው ያላት ሴት ቦታ የሚጠብቅላት ጎረቤት ላይኖራት ይችላል፤ አልፋው ዝቅ ቢል ስህተት የለበትም። አማካሪሽ «ከተለመደው ወሰን ከ0.7 በታች ነው» ካሉሽ ይህን አስረጂያቸው። የሀብት ዝርዝሩን «አዎ» ቆጥረሽ፣ በዝምድናው ዓይነት ለያይተሽ፣ ሞዴሉ ውስጥ ለየብቻ አስገቢው።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። ንግዷ የሰፋላት ሴት ሰው የምታውቀው ንግዱ ስለሰፋ ሊሆን ይችላል። አንዴ ብቻ በሚሞላ መጠይቅ ይህን ሙሉ በሙሉ መፍታት አይቻልም። ግን ለእያንዳንዱ «አዎ» አጠገብ አንዲት ዓምድ ጨምሪ፦ «ይህን ሰው ያወቅሽው ንግድ ከመጀመርሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ከዚያ ትንታኔውን «በፊት» ባሉት ብቻ ደግመሽ ሥሪውና ውጤቱ ይቀየር እንደሆነ እዪ።