ዝም ያሉት 1,050 ደንበኞች

«ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ ብርድ ልብስ አከፋፋይ ለቅጥር ፈተና የደንበኞች አስተያየት እንድተነትን ሰጠኝ። ባለፉት ስድስት ወራት ለገዙ 1,200 ሰዎች በስልክ መልእክት ‹በዕቃችን ረክተዋል?› ተብሎ ተልኮላቸው 150ዎቹ መለሱ። 132ቱ ‹አዎ› ብለዋል። ‹88 በመቶ ደንበኞች ረክተዋል› ብዬ ልጻፍ? ሪፖርቱን የማቀርበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

እህቴ፣ እንደዚያ አትጻፊ። 88 በመቶው የመለሱት ሰዎች ነገር ነው። ስለ ቀሪዎቹ 1,050 ሰዎች በእጅሽ ያለው መረጃ ምንም አይናገርም።

መጀመሪያ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ አስልተሽ እዪው። ዝም ያሉት ሁሉ ቅር የተሰኙ ቢሆኑ፣ የረኩት ከ1,200ው 132 ብቻ ናቸው፤ 11 በመቶ። ሁሉም የረኩ ቢሆኑ ደግሞ 1,182 ይደርሳሉ፤ 98 በመቶ ተኩል። እውነቱ በእነዚህ መሀል የሆነ ቦታ ነው። ይህን ክፍተት የሪፖርትሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀምጪው። ቅጥር ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ገጽ ይዞ የመጣ ተፈታኝ ካየሁ ሌላውን ሁሉ በጥንቃቄ አነባለሁ።

ቀጥለሽ የመለሱት እነማን እንደሆኑ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር አስተያዪ። ለምሳሌ ከገዢዎቹ ግማሹ ከመንዝና ከጣርማበር የመጡ ሆነው፣ ከመላሾቹ አብዛኞቹ የደብረ ብርሃን ሰዎች ከሆኑ መልሱ የከተማው መልስ ነው። ከመንዝዋ መሐል ሜዳ ከተማ መጥተው የገዙ እናት ያስመዘገቡት የልጃቸውን ቁጥር ሊሆን ይችላል። መልእክቱ እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ሌላው ደግሞ ብርድ ልብሱ ቢሳሳበትም «ለማን ይነገራል» ብሎ ይተወዋል። የምርጫ አድልኦ (ሰሌክሽን ባያስ) የሚባለው ይህ ነው፤ ለመመለስ ያነሳሳው ወይም ከመመለስ የከለከለው ነገር ከመልሱ ጋር ሲያያዝ ማለት ነው። መልእክቱን ለሌላ 5,000 ሰው መላክም አያድንሽም። ያው ዓይነት ሰው ነው በብዛት የሚመልስልሽ።

የሚያድንሽ ዝም ካሉት ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ መደወል ነው። በኤክሴል ከ1,050ው ስም ጎን `=RAND()` ጻፊ፣ በእሱ ደርድሪና የመጀመሪያዎቹን 60 ውሰጂ። ሰውየው ካላነሳ ማታም፣ በበዓል ቀንም ደጋግመሽ ሞክሪ። 200 ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከመደወል 60ውን በትዕግሥት ማግኘት ይሻላል፣ ምክንያቱም ስልክ ቶሎ የሚያነሳው ብቻ ከተገኘ አድልኦው በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ስትጠይቂም «ረክተዋል?» አትበዪ። አገራችን ሰው ፊት ለፊት «ደህና ነው» ማለት ይቀለዋል። «ከታጠበ በኋላ እንዴት ሆነ?» «ሌላ ገዝተዋል?» በያቸው።

50ዎቹ አነሱልሽና 30ዎቹ የረኩ ሆኑ እንበል። ይህ ከዝምተኞቹ 60 በመቶ ነው። ከ1,050ው 60 በመቶ 630 ነው። በዚያ ላይ 132ቱን ስትጨምሪ 762 ይሆናል፤ ከ1,200ው 63 በመቶ ተኩል። 88 የነበረው የት እንደወረደ አየሽ። 50 ሰው ግን ጥቂት ስለሆነ ግምቱ ከ50 ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር እስከ 75 በመቶ ድረስ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ያንንም ጻፊው። ዘዴው የቆየ ነው። ሞሪስ ሀንሰንና ዊሊያም ሁርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1946 ለፖስታ መጠይቅ ያቀረቡት ነው፤ በፖስታ ካልመለሱት ጥቂቱን በዕጣ መርጦ በአካል መጠየቅ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ባለፉት ስድስት ወራት ከገዙት ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት ገዝቶ ተናድዶ የቀረ ሰው መልእክቱም አልተላከለት። እዚህ ላይ ስልክ መደወልሽም አይረዳም፣ ምክንያቱም ሰውየው ከ1,200ው ውስጥ የለም። የተራፊዎች አድልኦ (ሰርቫይቨርሺፕ ባያስ) ይህ ነው። መፍትሔው ዝርዝሩን ከሌላ ጫፍ መጀመር ነው። አምና መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዙትን ሁሉ፣ ተመለሱም አልተመለሱ፣ ከመዝገቡ አውጪ። ስንቱ ዳግም እንደገዛ ቁጠሪ፤ ካልተመለሱት ደግሞ ጥቂቶቹን በዕጣ መርጠሽ ደውዪ። ብርድ ልብስ በየወሩ አይገዛም፤ ስለዚህ አለመመለሱ ብቻውን ቅሬታ አይደለም። ለዚህ ነው መጠየቅ የሚያስፈልገው።

አከፋፋዩን የአምናውን መዝገብ ዛሬውኑ ጠይቂ። ከከለከለሽ ሪፖርቱ ላይ እንዲህ በዪ፦ «ከመለሱት 150 ደንበኞች 132ቱ ረክተዋል። ይህ ያልመለሱትን 1,050 አይወክልም። ከስድስት ወር በፊት ገዝተው የቀሩት አልተጠየቁም።»