አዲስ ምርት ለነባር ደንበኞች ስናሳውቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የውሃ ማጣሪያ እንሸጣለን፤ አሁን ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ካርትሪጅ አመጣን። ለነባር ደንበኞች ባዘጋጀሁት ኢሜይል ላይ ማዘዣ፣ ቪዲዮ፣ የቴሌግራም ቻናላችንንና «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚል አስገብቻለሁ። በዛ ይሆን?

መልስ፦ በዝቷል። አንድ መልእክት አንድ ጥሪ፣ ማለትም ደንበኛው እንዲያደርግ የምንጠይቀው አንድ ተግባር፣ ብቻ ይኑረው፤ ከማዘዣው በቀር ሌላውን ያውጡ። ማጣሪያዎን የገዛ ሰው ስለ እናንተ ማንነት መስማት አይፈልግም፤ መጀመሪያ የሚያስበው «እኔ ቤት ላለው ይገጥማል ወይ?» ብሎ ነው። ይህን ቪዲዮውም ቻናሉም አይመልሱለትም። የሽያጭ መዝገብዎ ማን የትኛውን ሞዴል እንደገዛ የሚያሳይ ከሆነ፣ ካርትሪጁ የሚገጥምላቸውን ለይተው ለእነሱ ብቻ ይላኩ። ጽሑፉ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል (የወሩን ቁጥር በራስዎ ይተኩት)፦

«በእጅዎ ላለው ማጣሪያ የሚገጥም አዲስ ካርትሪጅ መጥቷል። የቀድሞው 3 ወር ያገለግል ነበር፤ ይህኛው 6 ወር ይቆያል። አገጣጠሙ አልተለወጠም። የቀድሞውን የሚመርጡ ከሆነም መሸጣችንን አናቋርጥም።»

ከሥሩ አንድ ቁልፍ፦ «አዲሱን ካርትሪጅ ይዘዙ»። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳያወጧት። አዲስ ነገር ሲመጣ ነባሩ ደንበኛ የያዘው ዕቃ መለዋወጫ የሚጠፋበት ይመስለዋል። ቁልፉ ላይም «እዚህ ይጫኑ» አይበሉ፤ ሲጫን ምን እንደሚሆን ይናገር። የሚከፈተውም የድረ ገጻችሁ መግቢያ ሳይሆን ያው ካርትሪጅ ያለበት የማዘዣ ገጽ ይሁን። ብዙ ሰው የሚጠፋው ከመግቢያው ገጽ ላይ ዕቃውን መፈለግ ሲጀምር ነው።

ጥያቄ፦ ጥሪው አንድ ይሁን ከተባለ ሊንኩም አንድ ጊዜ ብቻ መግባት አለበት። እኔ እንዲያውም ከዝርዝር መውጫውን ሳይቀር አጥፍቼዋለሁ።

መልስ፦ ሐሳቡ ልክ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን አልፎ ሄዷል። አንድ መሆን ያለበት የምንጠይቀው ተግባር ነው። ወደዚያው ገጽ የሚወስድ ሊንክ ከላይም ከታችም ቢገባ ችግር የለውም። መውጫውን ግን ዛሬውኑ ይመልሱት። መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል፤ ይህ ሲደጋገም የክፍያ ማረጋገጫዎ ሳይቀር ስፓም ውስጥ መውደቅ ይጀምራል። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ጠቅታ የሚያስወጣ መንገድ እንዲያስገቡና የስፓም ቅሬታቸው ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ኢሜይል አያዩም። በስልክ አጭር መልእክት ላኩ፤ አንድ ነው ያልኩት መልእክት እንደ ሦስት ተቆጥሮ ተከፈለበት። ለምን?

መልስ፦ ፊደላችን ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን ገደቡ ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 ተቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ይከፈልበታል። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ጥሪውን አንድ ብቻ ሲያደርጉ ግን 70ው ይበቃል፦

«ለእርስዎ ማጣሪያ የሚሆን አዲስ ካርትሪጅ መጣ። ለማዘዝ 1 ብለው ይመልሱ።»

ይህ 46 ምልክት ነው፤ በቀረው የድርጅትዎን ስም ያስገቡ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ መልእክቱ በቁጥር ፈንታ በድርጅት ስም የሚደርስ ከሆነ ደንበኛው መልስ መላክ አይችልም። ያኔ በ«1 ብለው ይመልሱ» ቦታ የሚደወልበት ቁጥር ይግባ።

ጥያቄ፦ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ 40 ቢሆኑ ነው። አዳዲስ ሰዎች እንዲያዩልኝ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ አዲስ ሰው መሳብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለማያውቅዎ ሰው መጀመሪያ ሥራዎን ማሳየት ይኖርብዎታል። ለ40ዎቹ ከሆነ ግን የጅምላ መልእክቱን ይተዉና በየስማቸው ይጻፉላቸው፤ ጥሪውም «ለልኬት መቼ ይመቸዎታል?» የሚል ይሁን።

ጥያቄ፦ ከተላከላቸው 60 በመቶው ከፍተውታል ይለኛል፤ ያዘዘው ግን ጥቂት ነው። ቁልፉ ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ ያንን 60 አይመኑት። ከ2021 ጀምሮ የአፕል ሜይል ሰውየው ባያነበውም ምስሎቹን ቀድሞ ስለሚጭን እንደተከፈተ ይቆጠራል። ጠቅታውንና ትዕዛዙን ያነጻጽሩ። ጠቅታው ጥቂት ከሆነ መልእክቱን ወይም የተላከላቸውን ሰዎች ይመርምሩ። ጠቅታው በዝቶ ትዕዛዙ ካነሰ ግን ችግሩ ገጹ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል የማድረሻ ክፍያ ይገኝበታል። በላኩበት ሰከንድ የሚመጡ ጠቅታዎችን ከቁጥሩ ይቀንሱ፤ የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የደኅንነት ሶፍትዌር ራሱ ሊንኩን ይከፍታል። ማስታወሻ ደግመው ሲልኩም ያዘዙትን ያስወጡ።

ጥያቄ፦ ዋጋው መልእክቱ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? አለቃዬ ያስፈራል ይላል።

መልስ፦ እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ነባር ደንበኛ የቀድሞውን ዋጋ ስለሚያውቅ ማወዳደሩ አይቀርም። ግን በዚህ የማይስማሙ ጥሩ ነጋዴዎች አሉ፤ በተለይ ዋጋው እንደ ደንበኛው የሚለያይ ከሆነ። ዝርዝሩ ሰፊ ከሆነ ለግማሹ ከነዋጋው፣ ለግማሹ ያለዋጋው ልከው ትዕዛዙን ይቁጠሩ። ጠቅታውን እንዳይቆጥሩ፤ ዋጋ ያልተጻፈበት መልእክት ዋጋውን ለማየት ብቻ የሚጫኑ ሰዎች ያመጣል።