ቅድመ ክፍያው ከእጅ ከመውጣቱ በፊት

«ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አንድ ክፍል ቤት አገኘሁ። አከራይዋ ሁሉንም በቃል ነግረውኝ የሦስት ወር ቅድሚያ ዛሬ ማታ አምጪ ብለውኛል። የተጻፈ ውል ብጠይቃቸው ይቀየሙኝ ይሆን? እንዴት ብዬ ልጀምር?»

እህቴ፣ አከራይ የሚቀየመው ውል በመጠየቅሽ ሳይሆን ያላመንሽው ሲመስለው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ወረቀት ይዘሽ አትሂጂ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና «እትዬ፣ የነገሩኝን እንዳልረሳው እርስዎ ፊት ልጻፈው» በያቸው። መጀመሪያ የእሳቸውን ደንብ ጻፊ፤ በሩ ምሽት 3 ሰዓት ይዘጋል፣ እንግዳ አያድርም፣ ግቢው በተራ ይጠረጋል። የራሳቸው ቃል ተጽፎ ሲነበብላቸው ወረቀቱ ለእሳቸውም ጥበቃ እንደሆነ ያዩታል።

እኔ አባይ ማዶ ስከራይ በቃል የተስማማነው «5,000 ብር፣ ውኃና መብራት ጨምሮ» በሚል ነበር። ይህንኑ ጽፌ ሳነብላቸው አከራዬ አቋረጡኝ። «መብራት ያልኩት ለአምፖልና ለስልክ ነው፤ ለምጣድማ መቼ አልኩ!» በእርግጥም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር። ቡና እየጠጣን ተነጋገርንበትና በሳምንት አንድ ቀን እንድጋግር፣ ለእሱም በወር 200 ብር እንድጨምር ተስማማን። ውኃውም እንዲሁ ሆነ። የቧንቧው ውኃ በኪራዩ ውስጥ ነው፤ ሲጠፋ በቦቴ የሚገዛው ግን በተከራዮች መካከል ይከፈላል። በቤት ቁጥር ነው በሰው ቁጥር? ጎረቤቴ አምስት ልጆች ያሏት ስለነበረች ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በሰው ቁጥር ተብሎ ተጻፈ። ገንዘቡን አስቀድሜ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የምንነጋገረው ምጣዱን በሰካሁ ቀን ነበር፤ ያኔ ደግሞ የምይዘው ነገር አይኖረኝም።

ስለዚህ «ጨምሮ» የሚል ቃል በሰማሽ ቁጥር ምን ምንን ብለሽ ጠይቂና መልሱን ጻፊ። ቅድሚያውንም «የሁለት ወር» ብለሽ አትለፊው፤ «ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 30 ላለው ጊዜ ኪራይ የሚታሰብ» ይባል። እንዲህ ካልተጻፈ ገንዘቡ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው ወይስ ስትወጪ የሚታሰብ መያዣ ነው የሚለው ክርክር አያልቅም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። የሦስት ወሩን ስትከራከሪ ይህን ጥቀሺ፤ ግን በመጨረሻ፣ በለሰለሰ አንደበት። አዋጅ ጠቅሶ የሚጀምር ተከራይ ቤቱን ሳያገኝ ይቀራል።

አንዳንድ አከራይ «እጽፋለሁ፣ ግን 3,000 ብር ብለን» ይልሻል። ምክንያቱ የኪራይ ገቢ ግብር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገ ቅድሚያዬ ይመለስልኝ ብትዪ በእጅሽ ያለው ወረቀት የሚመሰክረው ስለ 3,000 ብቻ ነው። «ገንዘቡን ዛሬ ስጪኝ፣ ውሉን ቅዳሜ እንጽፋለን» የሚል ካጋጠመሽም ቅዳሜ ገንዘቡን ይዘሽ እንደምትመጪ ንገሪው። ቤቱን ሌላ እንዳይወስደው ከፈራሽ ትንሽ ቀብድ ልትሰጪ ትችያለሽ። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱም ቢሆን በሁለት መስመር ይጻፍ፤ መጠኑም ብታጪው የማይጎዳሽ ይሁን።

የሚፈርሙልሽ ሴትዮ የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን ከካርታውና ከመታወቂያቸው አመሳክሪ። ልጅ ወይም ዘመድ የሚፈርም ከሆነ ውክልናውን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለቱ ወገኖች ይፈረማል፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል። አንዱን ምስክር እሳቸው ይምረጡ፤ ደላላው ግን ባይሆን እመርጣለሁ፣ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ውሉ ሲፈረም ነውና። እትዬ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቤት ውስጥ የተደረገ የጣት አሻራ አይበቃም። ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ፊርማው ላያስገድዳቸው ይችላል።

ሁለት ቅጂ ጻፉና አንዳንድ ያዙ። ቅድሚያውን ከፊርማው በኋላ በባንክ ወደ ራሳቸው ሒሳብ አስገቢ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም የወራቱን ስም ጻፊ። ቁልፉን በተቀበልሽበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ በሁለቱም ቅጂዎች ግርጌ አስፍራችሁ ፈርሙበት።