ደንበኛችሁን ከመድረኩ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

ለእናንተ በመስመር ላይ ተጫርታችሁ ለምትሠሩ ወጣቶች፣

በጨረታ ያገኛችሁት ደንበኛ ሥራችሁን ወዶ «ለምን በቀጥታ አንሠራም?» ሲላችሁ የሚሰማችሁን ደስታ አውቀዋለሁ። ከደንበኛው ጋር ያገናኛችሁ የመስመር ላይ መድረክ ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚቀንሰው ድርሻ ያኔ እንደ እሾህ ይቆረቁራል። እኔ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ አገር ቢሮዎች ጋር በኮምፒውተር መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ጥያቄም ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠይቄአለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።

ያኔ ደንበኛዬና እኔ የተስማማነው ግማሹን ሰዓት በመድረኩ ለማስመዝገብ፣ ግማሹን ደግሞ ከውጭ ለመከፈል ነበር። ለሁለታችንም ብልህነት መስሎን ነበር። በአራተኛው ወር ከውጭ መምጣት የነበረበት 640 ዶላር ቀረ። ደንበኛው መጀመሪያ ዘገየ፤ ቀጥሎም ስለ ሥራው ጥራት ክርክር አነሣ። ለመድረኩ ብከስ ክሱ ራሱ ደንቡን መጣሴን የሚያምን ወረቀት ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳኝ ያ ዝምታ ነው፤ የለፋሁበትን ለመጠየቅ የሚያበቃ ንጹሕ እጅ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውንና በቅርብ የተከታተልኩትን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ቀድሞ አብራኝ የሠራች አንዲት ወጣት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከሚገኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ካሉት የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ጋር አፕወርክ በሚባለው መድረክ ውል ገባች። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ነበር። በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት ወደ 20 ሰዓት ትሠራለች። በዘጠነኛው ወር፣ መጋቢት 2024 ላይ፣ የቢሮው ባለቤት ያንኑ የታወቀ ጥያቄ ጠየቃት። «ጋሼ፣ እምቢ ብለው ቅር ይለዋል፤ እሺ ብል ደግሞ አካውንቴ ይዘጋል። ምን ላድርግ?» ብላ መጣች።

መጀመሪያ ያደረግነው የአፕወርክን የአገልግሎት ውል ከፍቶ ማንበብ ነው። ብዙዎቻችሁ ደንቡ «ከመድረኩ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ይመስላችኋል። እንዲህ አይልም። የሚለው፣ በመድረኩ በኩል ከተዋወቃችሁት ሰው ጋር ግንኙነታችሁ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ለ24 ወር ክፍያው ሁሉ በመድረኩ በኩል ይለፍ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ መውጣት የፈለገ ደንበኛ የማስለቀቂያ ክፍያ ከፍሎ መውጣት ይችላል። 24 ወሩ ካለፈ በኋላ ግን ያለ ምንም ክፍያ በቀጥታ መሥራት ይቻላል። ከመድረኩ በፊት የምታውቁትን፣ እናንተው ወደዚያ ያመጣችሁትን ደንበኛም ይህ ደንብ አይመለከተውም። እንግዲህ ሕጋዊ በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በገንዘብ ይከፈታል፣ ሌላው በትዕግሥት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስሌቱን አይሠራም። የማስለቀቂያ ክፍያው የሚታሰበው የሰዓት ዋጋችሁ በ2,080 ሰዓት ተባዝቶ ነው፤ ይኸውም በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እንደምትሠሩ ተቆጥሮ ማለት ነው። እናንተ በእርግጥ የምትሠሩት ግማሹን ቢሆንም ስሌቱ አይቀንስላችሁም። የእርሷ 18 ዶላር በ2,080 ሲባዛ 37,440 ዶላር ይሆናል። መድረኩ ከዚህ ላይ የሚጠይቀው ድርሻ ከመቶ 10 በላይ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ደንበኛው ከራሱ ገጽ ላይ ማየት አለበት፣ በየጊዜው ይሻሻላልና። እኛ ለስሌት እንዲቀል 10 ብቻ አደረግነው፤ ያም ሆኖ 3,744 ዶላር መጣ።

አሁን በሌላው በኩል እንቁጠር። በዓመት 50 ሳምንት ብትሠራ ገቢዋ 18,000 ዶላር ነው። መድረኩ በእርሷ ውል ላይ ይቀንስ የነበረው 10 በመቶ ሲሆን በዓመት 1,800፣ በወር 150 ዶላር ይሆናል። ከ24 ወሩ የቀራት 15 ወር ስለሆነ እስከ መጨረሻው ብትቆይ የምትከፍለው 2,250 ዶላር ነው። ደንበኛው ግን አሁኑኑ ለመውጣት ከ3,744 በላይ ሊከፍል ነው! በመጀመሪያው ቀን ቢወጡ እንኳ የሁለት ዓመቱ ቅነሳ 3,600 ብቻ ነበር። ሙሉ ጊዜ የምትሠራ ብትሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የዓመቱ ቅነሳ ብቻውን 3,744 ስለሚሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስለቀቅ ያዋጣል። ለግማሽ ጊዜ ሠራተኛ ግን መጠበቅ ይሻላል። ይህን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቃት፤ ምክንያቱም ለደንበኛው የምትመልሰው መልስ ከልመና ወደ ሒሳብ ተለወጠ።

የመድረኩ ቅነሳ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ አንድ ወጥ 10 በመቶ ነበር፤ ከግንቦት 2025 ወዲህ በሚገቡ አዳዲስ ውሎች ላይ ግን ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል። ስለዚህ የእርሷን ቁጥር አትቅዱ፤ የራሳችሁን ውል ገጽ ከፍታችሁ የራሳችሁን አስሉ። ሌላ መድረክ ላይ ከሆናችሁም የአፕወርክን በር እዚያ አትፈልጉ። አንዳንዱ መድረክ ከውጭ መከፈልን ጨርሶ አይፈቅድም። የእናንተን መድረክ ውል ራሳችሁ አንብቡ።

ለባለቤቱ የጻፈችው በመድረኩ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ራሱ ቦታው ይመሰክራል። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በቀጥታ አብረን እንድንሠራ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም እፈልጋለሁ። የተዋወቅነው እዚህ ስለሆነ እስከ ሰኔ 2025 ክፍያው በዚሁ እንዲያልፍ ሁለታችንም የተስማማንበት ውል አለ። አሁኑኑ መቀየር ከፈለጉ መድረኩ የማስለቀቂያ ክፍያ አለው፤ መጠኑን ገጽዎ ላይ ያገኙታል። በእኔ ስሌት ግን መጠበቁ ለእርስዎ ይረክሳል። ቀኑ ሲደርስ በቀጥታ ውል እንድንነጋገር ደስ ይለኛል።»

ባለቤቱ በማግስቱ መለሰ። ክፍያውን አይቶት ኖሮ እንደሚጠብቅ ነገራት፤ ቀጥሎም የጻፈው አንድ ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ለደንበኞቹ የሚላኩትን ረቂቆች ቀድሞ አንድ በአንድ ያይ ነበር፤ ከእንግዲህ በቀጥታ እንድትልክ ፈቀደላት። ተደብቆ መውጣቱ ለእርሱ ሊረክስለት ሲችል ውሉን የጠበቀች ሠራተኛ፣ የእርሱንም ውል እንደምትጠብቅ ገምቶ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያ ደንበኛዬን ሳስታውስ፣ ያጣሁት 640 ዶላር ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የቀሩትን 15 ወራት በከንቱ አላሳለፉም። መድረኩ የሚሰጠው አገልግሎት ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ሊለቁት ሲሉ ነው። በሰዓት ውል የሚሠራ ሰው የመድረኩን ፕሮግራም ከፍቶ ሲሠራ፣ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ክፍል አንድ የስክሪን ምስል እያነሣ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ደንበኛው በየሳምንቱ ይከፍላል፤ አልከፍልም ቢል ምስሉ ይከራከርላችኋል። ከወጣችሁ በኋላ ይህን ሁሉ በራሳችሁ ወረቀት መተካት አለባችሁ። ስለዚህ እርሷና እኔ ያን ጊዜ ውሉን ለማርቀቅ ተጠቀምንበት።

ከገባው ዋና ነገር አንዱ ቅድሚያ ክፍያ ነው። የሁለት ሳምንት ሥራ፣ ማለትም የ40 ሰዓት 720 ዶላር፣ በቅድሚያ ተቀማጭ እንዲሆን ጠየቀች፤ ይህ ገንዘብ የሚታሰበው በመጨረሻው ወር ሒሳብ ላይ ነው። መድረኩ ይሰጥ የነበረውን ዋስትና የተካው ይህ ነው። ዋጋዋን ከ18 ዶላር አልጨመረችም፤ የቀረው የመድረክ ድርሻ ራሱ ጭማሪ ሆነላት። ደንበኛውም ከራሱ በኩል ለመድረኩ ይከፍል የነበረው ቀረለት። እኔ ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላውቅም፤ ሁለቱም ወገን ያተረፈበት መሆኑን ደንበኛው በግልጽ ያየዋል።

ሌላው የክፍያው ድግግሞሽ ነው። የባንክ ዝውውር በእያንዳንዱ ጊዜ የራሱ ወጪ ስላለው በሳምንት መቀበል አያዋጣም፤ በወር አንድ ጊዜ ሆነ። በመንገድ ላይ ያሉ ባንኮች የሚቀንሱት ወጪ በላኪው ላይ እንዲሆንም በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ባለቤቱ ደግሞ W-8BEN የሚባለውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ እንድትሞላ ጠየቃት። የአሜሪካ ነዋሪ አለመሆናችሁን የምታረጋግጡበት ቅጽ ነው፤ ድሮ ለመድረኩ ትሰጡት የነበረውን አሁን የምትሰጡት ለደንበኛው ነው። ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ ተንኮል የለበትም።

ሰኔ 2025 ሲያልቅ፣ 24 ወሩ ሙሉ ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት ጨምረን፣ በመድረኩ ያለውን ውል በሥርዓቱ ዘጉት። የቆመ ሥራ ወይም ያልተከፈለ ሰዓት አልተዉም፤ ባለቤቱም መልካም አስተያየት ጽፎላት ወጣ። ሁለቱን ሳምንት የጨመርነው ቀን ቆጥሮ ዋዜማ ላይ መውጣት ለምን ክርክር ይጋብዛል ብለን ነው፤ የተዋወቃችሁበት ቀን የመጀመሪያው መልእክት ነው ወይስ ውሉ የተፈረመበት የሚለውን ጥያቄ በ72 ዶላር የሁለት ሳምንት ቅነሳ ማስቀረት ርካሽ ነው።

የመጀመሪያው የቀጥታ ክፍያ የሐምሌ ወር ሒሳብ ነበር፤ 80 ሰዓት፣ 1,440 ዶላር። ባንኳ ገንዘቡ የምን እንደሆነ ሲጠይቃት ውሉንና የክፍያ መጠየቂያውን አሳየች። ገንዘቡ ግን 25 ዶላር ጎድሎ ደረሰ። ባለቤቱ ሲልክ ወጪውን በተቀባይ ላይ አድርጎት ኖሯል። የውሉን አንቀጽ ጠቅሳ ጻፈችለት፤ ይቅርታ ጠይቆ ጉድለቱን በነሐሴው ሒሳብ ላይ ደመረላት።